ጊዜ የሌለው ነጋዴ የትኛውን ገጽ ይክፈት?

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሰው ዕቃውን ደርድሮ ሳይጨርስ ከዘመድ ከወዳጅ የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው። ቴሌግራም ክፈት፣ ቲክቶክ ላይ ውጣ፣ ፌስቡክና ኢንስታግራምም እንዳይቀሩብህ ይሉታል። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ሁሉም በነጻ የሚከፈቱ ስለሆኑ አራቱንም መያዝ ምንም የሚያስወጣ አይመስልም። ወጪው የሚታየው ሁለት ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ነው። ፌስቡኩ ላይ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ ሳያገኝ ሳምንታት አልፈውታል። ኢንስታግራሙ ላይ የሚታየው የመጨረሻ ፎቶ የምረቃው ዕለት የተነሣ ነው። ያንን ያየ ገዢ ሱቁ የተዘጋ መስሎት ወደ ሌላ ይሄዳል።

ስሌቱ የሚሳሳተው ብዙዎቻችን ጊዜን የምንቆጥረው በመለጠፍ ስለሆነ ነው። ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ያንኑ ፎቶ በአራት ቦታ መለጠፍም ቢሆን ያን ያህል አይጨምርም። ጊዜ የሚበላው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ዋጋ የሚጠይቅ፣ ቁጥር የሚጠይቅ፣ «ሱቃችሁ የት ነው?» የሚል፣ «ቅናሽ የለውም?» የሚል። እያንዳንዱ ገጽ እንደ አንድ የሱቅ በር ነው፤ በተከፈተ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበል ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ቦታ ልለጥፍ?» ብሎ አይደለም፤ «ስንት ቦታ በዕለቱ መልስ መስጠት እችላለሁ?» ብሎ ነው። ለአብዛኞቹ የአንድ ወይም የሁለት ሰው ሥራዎች ትክክለኛው መልስ አንድ ነው። ሌላ አንድ ገጽ ቢታከል እንኳ ሥራው ሰውን ወደዚያ ወደ አንዱ ማምጣት ብቻ መሆን አለበት።

ያንን አንዱን እንዴት እንመርጣለን? በምሳሌ እንየው። መገናኛ አካባቢ የልጆች ልብስ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ አለች እንበል። ከእሷ ሌላ ያለው ሠራተኛ አንድ ነው። ሱቁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ስለሆነ ለማኅበራዊ ሚዲያ የሚተርፋት በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። አራት ገጾች ከፍታለች፤ ሁሉም ላይ ትንሽ ትንሽ ትሠራለች፤ የትኛው እንደሚያዋጣት ግን አታውቅም።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት ተራ ደብተር ነው። ለአንድ ወር ያህል፣ ገንዘብ የከፈለን ሰው ሁሉ ሁለት ጥያቄ ትጠይቃለች። አንደኛው «ዛሬ እንዴት መጡ?» ሁለተኛው «መጀመሪያ ያወቁን የት ነው?» የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ፤ መልሳቸው ግን ይለያያል፤ ምርጫውም የሚያርፈው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

በወሩ መጨረሻ ደብተሩ ላይ 90 ገዢዎች ተመዝግበዋል እንበል። 38ቱ በመንገድ ሲያልፉ ያዩ ናቸው፤ 21 ሰው የነገራቸው፤ 6 የቆዩ ደንበኞች፤ 14 ቴሌግራም ላይ ዕቃውን አይተው የመጡ፤ 9 ከቲክቶክ፤ 2 ከፌስቡክ። ከኢንስታግራም የመጣ የለም። ጊዜዋንም እንዲሁ ጽፋለች። በወሩ ውስጥ ቲክቶክ ላይ 12 ሰዓት፣ በቀሩት በእያንዳንዳቸው 4 ሰዓት ገደማ አውጥታለች። በመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ከሄድን ፍርዱ ቀላል ነው፤ ቴሌግራም በ4 ሰዓት 14 ገዢ አምጥቷል፣ ቲክቶክ በሦስት እጥፍ ጊዜ 9 ብቻ። ቲክቶክ ይዘጋ ያሰኛል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ከቴሌግራሞቹ 14 ሰዎች 5ቱ ሱቁን መጀመሪያ ያወቁት በቲክቶክ ቪዲዮ ነበር፤ ከዚያ ቻናሉን ተቀላቀሉ፣ ዕቃ ሲገባ አዩ፣ መጡ። ቲክቶክ ከተዘጋ እነዚህን የሚተኩ አዳዲስ ሰዎች ወደ ቻናሉ የሚገቡበት መንገድ ይጠባል። ስለዚህ ውሳኔው ቴሌግራምን መሸጫ ማድረግ፣ ቲክቶክን ሥራው ማስተዋወቅ ብቻ አድርጎ ከ12 ሰዓት ወደ 3 ወይም 4 ሰዓት መቀነስ፣ ሁለቱን ሌሎች ማቆም ይሆናል። የሌላ ሱቅ ደብተር ሌላ ነገር ሊያሳይ ይችላል፤ አዳማ ወይም ሐዋሳ ያለ የቤት ዕቃ ነጋዴ ፌስቡክን ከላይ ሊያገኘው ይችላል። የሚገለበጠው የመጠየቂያው መንገድ እንጂ መልሱ አይደለም።

ቴሌግራም በእኛ አገር ለትንሽ ሱቅ የሚመችበት ምክንያት በአሠራሩ ውስጥ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ለተጠቃሚው ምን እንደሚያሳዩት የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው፤ ሺህ ተከታይ ያለው ገጽ የለጠፈውን ጥቂቱ ብቻ ሊያየው ይችላል። የቴሌግራም ቻናል ግን አይመርጥም። የተለጠፈው ነገር ለአባሉ ሁሉ በተለጠፈበት ቅደም ተከተል ይደርሳል፤ አባሉ ማሳወቂያውን ቢዘጋው እንኳ ቻናሉን ሲከፍት ሁሉንም ያገኘዋል። ለነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚለጥፍ ሰው በዚያ ምክንያት አይቀጣም። በዚያ ላይ ቻናሉ ወደ ኋላ ሲገፋ እንደ መደርደሪያ ሆኖ ያገለግላል። በእያንዳንዱ ፖስት ሥር #ጃኬት ወይም #ጫማ ብሎ መጻፍ የለመደ ሰው፣ ገዢው ያንን ቃል ሲነካ በቻናሉ ውስጥ ያሉትን ጃኬቶች ብቻ አንድ ላይ ማየት ይችላል። የተሸጠውንም ዕቃ ፖስቱን አርሞ «ተሸጧል» ማለት ይቻላል።

ድክመቱም ግልጽ ነው። ቴሌግራም ሱቁን ለማያውቅ ሰው አያሳይም፤ ስሙን ያልሰማ ሰው ፈልጎ የማግኘት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ቻናል ሲከፈትም ባለቤቱ ከስልኩ ውስጥ በእጁ ማስገባት የሚችለው 200 ሰው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ራሱ ካልገባ አይጨምርም። ስለዚህ ቻናሉ የሚያድገው ከሱቁ ጠረጴዛ ነው። የቻናሉን ኪውአር ኮድ በወረቀት አትሞ ሒሳብ የሚከፈልበት ቦታ ላይ መለጠፍ፣ «አዲስ ዕቃ ሲገባ እዚህ ነው የምናሳውቀው» ማለት፣ ገዢው ቴሌብር እየከፈለ ስልኩ በእጁ ሳለ ኮዱን እንዲያነሣ መጋበዝ ይበቃል። አንድ ጊዜ የገዛ ሰው ነው ቻናሉን የሚሞላው። ለልጅ ልብስ ደግሞ ይህ ይመቻል፤ ልጁ በስድስት ወር ውስጥ ሌላ ቁጥር ይሆናልና እናቲቱ ትመለሳለች።

እዚህ ላይ ስለ ዋጋ ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ የብዙ ትናንሽ ነጋዴዎችን ጊዜ የሚጨርሰው ይህ ነውና። «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚለው ልማድ ጊዜ ላለውና ሦስት ሠራተኛ መልስ ለሚሰጥለት ሱቅ ሊሆን ይችላል። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ግን በገዛ እጁ ሥራ መጨመር ነው። 1,800 ብር የማይከፍል ሰውም ይጽፋል፣ የሚከፍለውም ይጽፋል፤ ለሁለቱም እኩል ጊዜ ይሄዳል። የሚከፍለው ደግሞ መልሱ እስኪመጣ ሌላ ቦታ ይገዛል። ሙሉ የሆነ ፖስት እንዲህ ነው፦ «የልጆች ጂንስ ጃኬት። ከ2 እስከ 6 ዓመት። ሰማያዊና ጥቁር። 1,800 ብር፣ የመጨረሻ ዋጋ። ሱቃችን መገናኛ፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ፣ ምድር ላይ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 1። ዴሊቨሪ አለ።» ከዚያ ስልክ ቁጥር። ይህን ካነበበ በኋላ የሚጽፍ ሰው በአብዛኛው ሊገዛ የወሰነ ነው። ተፎካካሪ ዋጋዬን ያየዋል የሚል ስጋት አለ፤ ተፎካካሪው ግን እንደ ገዢ ሆኖ ጽፎ መጠየቅ ምንጊዜም ይችላል። ከእሱ የሚደበቅ ነገር የለም፤ የሚደበቀው ከገዢው ነው።

ቻናሉ በሕይወት መኖሩን የሚያሳየው የአባላቱ ብዛት አይደለም፤ በእያንዳንዱ ፖስት ሥር ከዓይን ምልክት አጠገብ ያለው ቁጥር ነው። 600 አባል ኖሮት አንድን ፖስት 250 ሰው የሚያየው ቻናል ደህና ነው። 5,000 አባል ኖሮት 60 ሰው የሚያየው ግን በውስጡ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው ቻናል አብዛኛውን ጊዜ አባል የተገዛበት ነው። «በ500 ብር ሺህ አባል እናስገባለን» የሚሉ ሰዎች የሚያስገቡት ሐሰተኛ አካውንት ወይም የአማርኛ ጽሑፍ ማንበብ የማይችል የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ልብስ የሚገዛ የለበትም። ከዚህ የከፋው የሱቁን ስምና ፎቶ ገልብጦ ተመሳሳይ ቻናል የሚከፍት አጭበርባሪ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ይጠፋል፣ ተወቃሹ እውነተኛው ሱቅ ይሆናል። ከዚህ የሚጠብቀው ትክክለኛው ስልክ ቁጥርና ገንዘቡ የሚገባበት የሒሳብ ስም በቻናሉ አናት ላይ ተሰክቶ ሲቆይ፣ ያው በሱቁ ግድግዳም ላይ ሲለጠፍ ነው። ገዢ የላከውን የክፍያ ፎቶ አምኖ ዕቃ መስጠትም አይገባም፤ መታየት ያለበት የራስ ሒሳብ ነው።

ወደ ቲክቶክ እንመለስ። ቲክቶክ ለማያውቁን ሰዎች ያሳየናል፤ ቪዲዮውን መጀመሪያ ለጥቂት ሰዎች ያቀርባል፣ እነሱ እስከ መጨረሻው ካዩት ለሌሎች ያሰፋዋል። ተከታይ የሌለው ሱቅም ብዙ ሰው ሊያየው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ነጋዴዋ በወር 12 ሰዓት የፈጀችው ሙዚቃ በመምረጥ፣ በመቁረጥና በመቀጠል፣ አስተያየት በማንበብ ነው። 40,000 ሰው ያየው ቪዲዮ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን አስተያየቶቹን ስታነባቸው ግማሹ ከሌላ ከተማ፣ ግማሹ ከአረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ከሆነ፣ መገናኛ ድረስ የሚመጣ ትንሽ ነው። በእርግጥ ውጭ ያለ ሰው አዲስ አበባ ላለች እህቱ ልጅ ልብስ ሊያዝ ይችላል። ይህ እውነተኛ ገበያ ነው፤ ግን ክፍያ መቀበያና ዕቃ ማድረሻ ካልተዘጋጀለት አስተያየት ብቻ ሆኖ ይቀራል። የቲክቶክ ሥራ በትክክል መሄዱ የሚታወቀው ከቪዲዮው በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ቻናሉ ላይ የገቡትን አባላት በመቁጠር ነው። ብዙ ሰው አይቶት ማንም ካልገባ ቪዲዮው የተመለከተው መዝናኛ ፈላጊን ነው።

አንድ ቪዲዮ በሳምንት ይበቃል፤ አዲስ ዕቃ ሲፈታ በስልክ የተቀረጸ፣ ከግማሽ ደቂቃ ያልበለጠ፣ ዋጋው በድምፅ የተነገረበት፣ በመጨረሻው ላይ የቴሌግራሙ ስም የተጠራበት። ስሙ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ፊደል ሊኖረው ይገባል፤ ሰው ሰምቶ የሚጽፈው ስለሆነ ቁጥርና ሰረዝ የበዛበት ስም አይያዝም። አስተያየት ላይ ለሚጠይቅ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ቴሌግራም ላይ ሙሉው አለ።»

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጊዜ ለሌለው ሰው የሚስማማውና ብዙዎች የሚረሱት ጉግል ካርታ ነው። ሳምንታዊ ፖስት አይጠይቅም። አንድ ቀን ተቀምጦ ሱቁን መመዝገብ፣ ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ማስገባት፣ የሥራ ሰዓትና ስልክ መሙላት፣ የሱቁን ፊት ከመንገድ በኩል አንሥቶ መጨመር ነው። ጉግል ባለቤትነቱን ለማረጋገጥ ብዙ ጊዜ የቪዲዮ ቀረጻ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ በቴሌግራም «ሱቃችሁ የት ነው?» ለሚል ሰው ሁሉ አንድ ማስፈንጠሪያ መላክ ነው። «ከቀለበት መንገዱ ወረድ ብሎ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ» እየተባለ አድራሻ በሚነገርበት ከተማ ይህ ብቻ በቀን ብዙ የስልክ ጥሪ ያስቀራል።

ሳምንቱ እንግዲህ እንዲህ ይሆናል። ሰኞ ጠዋት ገበያው ሳይደምቅ፣ ብርሃን ከበር በኩል ሲገባ፣ የሳምንቱ ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፎቶ ይነሣል። ጽሑፉ ይጻፍና ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ተጭኖ በመያዝ Schedule Message በሚለው ለረቡዕና ለዓርብ ምሽት ይቀጠራል። ቪዲዮው በዚያው ይቀረጻል። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። መልስ የሚሰጠው በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ከምሳ በኋላና ሱቁ ሲዘጋ። ያ ሰዓት በቻናሉ አናት ላይ ከተጻፈ ገዢው በመካከል ተቀይሞ አይሄድም።

የአማካሪ ነገር ግን ከሥሩ ይለያል። የሒሳብ መዝገብ የሚሠራና ግብር የሚያሳውቅ ባለሙያን እንውሰድ። ማንም ሰው ፎቶ አይቶ የሒሳብ ባለሙያ አይቀጥርም፤ ያመነውን ሰው ይጠይቃል፣ ስም ይሰጠዋል፣ ከዚያ ያንን ስም ይፈልጋል። የመጨረሻዎቹን አሥር ደንበኞቹን እንዴት እንደመጡ ቢጠይቅ አብዛኞቹ «እገሌ ነግሮኝ» ይላሉ። እንዲህ ከሆነ ዕለታዊ ፖስት ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚያስፈልገው ስሙ ሲፈለግ የሚገኝ አንድ የተሟላ ገጽ ነው። ደንበኞቹ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችና የውጭ ኩባንያዎች ከሆኑ ሊንክድኢን ለዚህ ይበቃል፤ ስም በጉግል ሲፈለግም ብዙ ጊዜ ከላይ ይወጣል። ገጹ ላይ «የፋይናንስ ባለሙያ» ብሎ መጻፍ ምንም አይነግርም፤ «ለትናንሽ አስመጪዎች የሒሳብ መዝገብና የግብር ማሳወቅ ሥራ» ቢል የሚፈልገው ሰው ራሱን ያገኝበታል። ደንበኞቹ የመርካቶ ነጋዴዎች ከሆኑ ደግሞ ሊንክድኢን ላይ የሉም። ለእነሱ የሚሻለው ለነባር ደንበኞች ብቻ የተከፈተች ትንሽ የቴሌግራም ቻናል ናት፤ ደንበኛው ጽሑፉን ለጎረቤቱ ነጋዴ ያስተላልፈዋል፣ የባለሙያውም ስም አብሮ ይሄዳል።

ጊዜውም ከሱቁ የተለየ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ የግብር ማሳወቂያው ወቅት ሐምሌ ላይ ይከፈታል። ነጋዴው መጨነቅ የሚጀምረው ግንቦት ላይ ነው። በግንቦትና በሰኔ የተጻፉ ስድስት ጥሩ ጽሑፎች፣ የትኛው ደረሰኝ መሰብሰብ እንዳለበት፣ ቆጠራ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዱ፣ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ከሚለጠፍ የበዓል መልካም ምኞት ይበልጣሉ። ሐምሌ ላይ ባለሙያው ራሱ ሥራ ስለሚበዛበት ሁሉም ቀድሞ ተጽፎ መቀጠር አለበት።

በግሉ ተቀጥሮ የሚሠራ ንድፍ አውጪ ወይም ፎቶ አንሺ ሥራው የሚታይ ስለሆነ ኢንስታግራምን እንደ ማሳያ ሊጠቀምበት ይችላል፤ የተመረጡ አሥር አሥራ ሁለት ሥራዎች ከመቶ ተራ ፎቶዎች ይሻላሉ፣ በየሳምንቱም መጨመር የለባቸውም። ተርጓሚ ግን የሚያሳየው ሥዕል የለውም፤ ከሒሳብ ባለሙያው ጋር ያው ነው።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ጥንቃቄ አለ። ከ2015 ዓ.ም. የካቲት እስከ ሐምሌ በኢትዮጵያ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ታግደው ነበር። አምስት ወር ገደማ ማለት ነው። ሙሉ ገበያቸውን በአንድ ቻናል ላይ የመሠረቱ ሰዎች ደንበኞቻቸውን የሚያገኙት በቪፒኤን በገባው ብቻ ሆነ። ስለዚህ ሁለቱ ጥያቄዎች በሚጻፉበት ደብተር ላይ ሦስተኛ መስመር ይጨመር፤ ስልክ ቁጥር፣ ፈቃዱን ጠይቆ። የልጁ ዕድሜም አብሮ ቢጻፍ፣ መስከረም ላይ «የትምህርት ቤት ጫማ ገብቷል» የሚል አጭር መልእክት ለሚመለከታቸው ብቻ መላክ ይቻላል፤ ለዚያ ኢንተርኔትም አያስፈልግም።

የቆሙት ፌስቡክና ኢንስታግራም ደግሞ መሰረዝ የለባቸውም። ስሙ ሲለቀቅ ሌላ ሰው ሊይዘውና በሱቁ ስም ሊነግድበት ይችላል። ለእያንዳንዳቸው አንድ የመጨረሻ ፖስት ተጽፎ ከላይ ይሰካ፤ «አዲስ ዕቃ የምናሳውቀው በቴሌግራም ቻናላችን ነው፤ በዚህ ገጽ መልእክት አንመልስም» የሚል፣ ከቻናሉ ስም፣ ከስልክ ቁጥሩና ከሥራ ሰዓቱ ጋር። ፌስቡክ ለሚጽፍ ሰው ወዲያው የሚሄድ ቋሚ መልስ ማዘጋጀት ይፈቅዳል፤ ያው ጽሑፍ እዚያም ይግባ። ከዚያ በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ገብቶ ስልክ ቁጥሩና ሰዓቱ አለመለወጡን ማየት ብቻ ይቀራል።